የፈረሰ ውል፣ የጸና አንቀጽ፦ የግልግል ስምምነት ተነጣይነት እና ጉባኤው በሥልጣኑ ላይ የመወሰን ሥልጣን

1. የጥያቄው መነሻ

በዓለም አቀፍ የንግድ ውሎች የመጨረሻ ገጾች ላይ ብዙ ድርድር ሳይደረግበት የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ፤ ከውሉ የሚነሣ ማንኛውም ክርክር በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚለው ነው። ተዋዋዮቹ ውሉ የጸና መሆኑን እስከተቀበሉ ድረስ አንቀጹ የሚያስነሣው የተለየ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው አንደኛው ወገን «ውሉ ራሱ ፈራሽ ነው» ብሎ ሲነሣ ነው። ውሉ ፈራሽ ከሆነ በውስጡ ያለው የግልግል አንቀጽ አብሮት ይፈርሳልን? አብሮት የሚፈርስ ከሆነስ፣ ሥልጣናቸውን ከዚሁ አንቀጽ ያገኙት ገላጋይ ዳኞች የውሉን መፍረስና አለመፍረስ በምን ሥልጣን ይመረምራሉ? ውሉ ፈርሷል ብለው ቢወስኑ የተቀመጡበትን ወንበር ራሳቸው እንደ መስበር አይቆጠርባቸውምን?

የግልግል ሕግ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው በሁለት መርሆች ነው። አንደኛው የግልግል ስምምነት ተነጣይነት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጉባኤው በራሱ ሥልጣን ላይ የመወሰን ሥልጣን ነው፤ ይህ ሁለተኛው በጀርመንኛ አጠራሩ «ኮምፒተንዝ-ኮምፒተንዝ» በመባል ይታወቃል። ሁለቱ መርሆች ዘወትር አብረው ስለሚጠሩና በብዙ ሕጎች በአንድ ድንጋጌ ሥር ስለሚገኙ፣ አንዱ የሌላው ሌላ ስም እንደሆነ አድርጎ መውሰድ የተለመደ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን ያዘጋጀው ሞዴል ሕግ አንቀጽ 16 ንዑስ አንቀጽ 1 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ጉባኤው ስለ ሥልጣኑ መወሰን እንደሚችል ይደነግግና ወዲያው አያይዞ ለዚሁ ዓላማ የግልግል አንቀጹ ከሌሎቹ የውሉ ቃላት የተለየ ስምምነት ተደርጎ እንደሚቆጠር ይገልጻል።

ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው ሁለቱ መርሆች የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደሚመልሱ ነው። ተነጣይነት የሚመልሰው «የዋናው ውል ጉድለት ወደ ግልግል ስምምነቱ ይተላለፋልን?» የሚለውን የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው። በሥልጣን ላይ የመወሰን ሥልጣን የሚመልሰው ደግሞ «ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ የሚመረምረው ማን ነው?» የሚለውን የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ሦስት የታወቁ የእንግሊዝ ፍርዶች ያሳያሉ። ከእነርሱ በኋላ የኢትዮጵያ ሕግ የሄደበት መንገድ ይታያል።

2. ጉቦ የተከፈለበት ውል፦ የፊዮና ትረስት ጉዳይ

የተነጣይነት መርህ በግልጽ ከተብራራባቸው ፍርዶች አንዱ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2007 የሰጠው፣ በተለምዶ «ፊዮና ትረስት» ተብሎ የሚጠራው ፍርድ ነው። ክርክሩ የተነሣው ከስምንት የመርከብ ኪራይ ውሎች ነበር። የመርከቦቹ ባለቤቶች የአንድ የሩሲያ መርከብ ድርጅት ቡድን አባላት ሲሆኑ፣ ውሎቹ የተዘጋጁት «ሼልታይም 4» በሚባለው መደበኛ የውል ቅጽ ነበር። በቅጹ መሠረት «ከዚህ ውል ሥር የሚነሣ» ክርክርን ከሁለቱ ወገኖች ማናቸውም ለንደን ላይ ለሚቀመጥ የግልግል ዳኝነት ለማቅረብ ሊመርጥ ይችል ነበር።

ባለቤቶቹ ያቀረቡት ክስ ኪራዮቹ የተፈረሙት ለራሳቸው ከፍተኛ ኃላፊዎች ጉቦ ተከፍሎ ነው የሚል ነበር። በዚህም ምክንያት ውሎቹን መሰረዛቸውን አስታወቁ። ተከራዮቹ በበኩላቸው ገላጋይ ዳኞች መርጠው ጉዳዩን ወደ ግልግል ወሰዱት። ባለቤቶቹ ግልግሉ እንዲቆም ለፍርድ ቤት ሲያመለክቱ ክርክራቸው ቀላልና ማራኪ ነበር፤ ጉቦው ባይከፈል ኖሮ ውሎቹን አንፈርምም ነበር፤ ውሎቹን ባንፈርም ኖሮ ደግሞ በውስጣቸው ያለውን የግልግል አንቀጽም አንፈርምም ነበር፤ ስለዚህ ጉቦው ሁለቱንም በክሎአቸዋል የሚል ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ጉዳዩን ያየው ዳኛ ይህን ክርክር ተቀበለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ውሳኔውን ሻረው፤ የጌቶች ምክር ቤትም በመሻሩ ተስማማ። መሪውን አስተያየት የጻፉት ሎርድ ሆፍማን ያተኮሩት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእንግሊዝ የግልግል ሕግ ክፍል 7 ላይ ነበር። ድንጋጌው፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ የግልግል ስምምነት በውስጡ የሚገኝበት ሌላ ስምምነት ዋጋ የሌለው በመሆኑ፣ ባለመመሥረቱ ወይም ውጤት በማጣቱ ብቻ ዋጋ እንደሌለው አይቆጠርም ይላል፤ ለዚህም ዓላማ ራሱን የቻለ ስምምነት ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚህ የሚከተለው፣ የግልግል ስምምነትን ማፍረስ የሚቻለው በቀጥታ እርሱን በሚመለከት ምክንያት ብቻ ነው። ጉቦ የተከፈለው ለኪራዮቹ እንጂ ግልግል ለንደን ላይ እንዲሆን አይደለም። ባለቤቶቹ በተለይ በግልግል አንቀጹ ላይ ተታለልን ወይም ተደለልን የሚሉበት ነገር አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ የመርሁን ባሕርይ በትክክል መረዳት ያሻል። ተነጣይነት ማለት አንቀጹ በአንድ ወረቀት ላይ ከተጻፉት ሌሎች ቃላት ጋር ዝምድና የለውም ማለት አይደለም። የመርሁ ሥራ ውስን ነው፤ ወደ ዋናው ውል የተወረወረ ክስ በራሱ ወደ ግልግል ስምምነቱ እንዳይዘልቅ መከልከል ነው። በዚህ ረገድ ተነጣይነት እንደ ግድግዳ እንጂ እንደ ጋሻ አይታይም። በግልግል ስምምነቱ ላይ በቀጥታ የተሰነዘረ ክስን ግድግዳው አያቆመውም፤ የሚያቆመው ከጎረቤት ክፍል የተነሣ እሳት እንዳይሻገር ብቻ ነው።

ምክር ቤቱ መርሁን ያጸናበት ሌላው ምክንያት ከነጋዴዎች አስተሳሰብ የተቀዳ ነው። አስተዋይ ነጋዴዎች ከአንድ ግንኙነታቸው የሚነሡ ክርክሮች በሙሉ በአንድ መድረክ እንዲታዩ ይፈልጋሉ ተብሎ ይገመታል። የውሉ አፈጻጸም በግልግል፣ የውሉ ፈራሽነት ደግሞ በፍርድ ቤት እንዲታይ ከፈለጉ በግልጽ መጻፍ ይገባቸዋል። ስለዚህ ቀደም ሲል የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች «ከውሉ ሥር» እና «ከውሉ የመነጨ» በሚሉት ሐረጎች መካከል ያደርጉት የነበረው ጥቃቅን ልዩነት ከዚህ ፍርድ በኋላ ዋጋ አጣ።

3. የተነጣይነት ወሰን፦ ያልተወለደ ውል

ይህን ያነበበ ሰው መርሁ ማንኛውንም ክርክር ወደ ግልግል የሚያሻግር ሊመስለው ይችላል። ሎርድ ሆፍማን ግን ወሰኑን በዚያው ፍርድ አመልክተዋል። የአንድ ሰው ፊርማ ተመስሎ ተፈርሞ ከሆነ፣ ያ ሰው ለዋናው ውልም ለግልግሉም አልተስማማም። ያለ አንዳች የውክልና ሥልጣን በሌላው ስም የፈረመ ሰው ጉዳይም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ሁኔታዎች አንዱ ክስ ሁለቱንም ስምምነቶች ይመታል፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሳይሆን በሁለቱም ውስጥ ከመነሻው ስለሚገኝ ነው። በአንጻሩ ሥልጣን ኖሮት ከሥልጣኑ ያለፈ ወይም በተሳሳተ ዓላማ የተጠቀመበት ወኪል የፈረመው ውል በራሱ ምክንያት የግልግል ስምምነቱን አያፈርሰውም።

ይህ ወሰን በተግባር ምን እንደሚመስል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተሰጠው «ኒውካስል ኤክስፕረስ» የሚባለው ፍርድ ነው። ጉዳዩ ከአውስትራሊያ ኒውካስል ወደ ቻይና ዡሻን የድንጋይ ከሰል ለማጓጓዝ ስለታሰበ የመርከብ ኪራይ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ደላላው ተዋዋዮቹ የደረሱባቸውን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ ማጠቃለያ አሰራጨ። በማጠቃለያው ውስጥ የለንደን ግልግልን የሚመለከት አንቀጽ ነበር፤ ከዚያም ጋር ስምምነቱ የጭነቱ ላኪና ተቀባይ እስኪያጸድቁት ድረስ በእንጥልጥል እንደሚቆይ የሚገልጽ ቃል ነበር። ማጽደቂያው አልመጣም፤ ተከራዩ መርከቧን መልቀቁን አስታወቀ። ባለቤቱ ይህ ውል ማፍረስ ነው ብሎ በለንደን ግልግል ጀመረ፤ ገላጋዩም ሥልጣን እንዳለው ወስኖ ወደ 283,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ ፈረደለት።

ፍርድ ቤቱ ይህን ውሳኔ ሻረው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም መሻሩን አጸና። የባለቤቱ ክርክር በተነጣይነት ላይ የቆመ ነበር፤ ኪራዩ ባይጸድቅም የግልግል ስምምነቱ ራሱን የቻለ ስለሆነ ጸንቶ ይቀራል፤ ደግሞም ክፍል 7 «ባለመመሥረቱ» የሚል ቃል ይዟል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ግን የውል መመሥረትና የውል መጽናት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን አስረዳ። ተነጣይነት የሚሠራው የግልግል ስምምነት መደረጉ ከታወቀ በኋላ ነው። ተዋዋዮቹ ማጽደቂያው እስኪመጣ በምንም ነገር እንደማይገደዱ በቃላቸው ከገለጹ፣ ከማይገደዱባቸው ነገሮች አንዱ የግልግል አንቀጹ ነው። ግድግዳ የሚያገለግለው ሁለት ክፍሎች ሲኖሩ ነው፤ ቤቱ ገና ካልተሠራ የሚከፋፈል ነገር የለም።

የክፍል 7 ቃል ታዲያ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። ተዋዋዮች ዋናው ውል ከመመሥረቱ በፊት በድርድር ጊዜ የሚነሣ ክርክር እንኳ በግልግል እንዲታይ ለይተው ሊስማሙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የዋናው ውል አለመመሥረት የግልግል ስምምነቱን አይጎዳውም። ልዩነቱ እንዲህ ያለው ስምምነት መደረጉ በማስረጃ መታየት አለበት እንጂ በመርሁ ኃይል ብቻ አይገመትም የሚለው ነው። የመርሁ ብዙ የተሳሳተ አጠቃቀም የሚመነጨው ይህን እርምጃ ከመዝለል ነው፤ ተነጣይነት ስምምነት ካለ ያተርፈዋል፣ ስምምነት ከሌለ ግን አይፈጥረውም።

4. በመጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው?

እስከ አሁን የታየው የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው። በኒውካስል ኤክስፕረስ ጉዳይ ግን ሌላም ነገር እናያለን። የግልግል ስምምነት እንዳልነበረ በመጨረሻ ተወሰነ፤ ሆኖም ገላጋዩ ጉዳዩን ተቀብሎ ስለ ሥልጣኑ መወሰኑ በራሱ እንደ ስሕተት አልተቆጠረበትም። ስምምነት ከሌለ ሥልጣን የለም፤ ሥልጣን ከሌለ ደግሞ ሥልጣን የለኝም ብሎ ለመወሰን የሚያስችል ሥልጣን ከየት ይመጣል?

መልሱ በሥልጣን ላይ የመወሰን ሥልጣን ምንጩ የተዋዋዮቹ ስምምነት ብቻ አለመሆኑ ነው። ይህን ሥልጣን ለጉባኤው የሚሰጠው የግልግሉ መቀመጫ የሆነው አገር ሕግ ነው። ተነጣይነት ይህን ማስረዳት አይችልም። ተነጣይነት የሚረዳው ጉባኤው ዋናው ውል ፈራሽ ነው ብሎ ሲወስን ውሳኔው ራሱን እንዳያፈርስ ነው። ጉባኤው የግልግል ስምምነቱ ራሱ ፈራሽ ነው ብሎ ሲወስን ግን ተነጣይነት ሊደግፈው አይችልም፤ እዚያ የሚደግፈው ሁለተኛው መርህ ብቻ ነው። የሁለቱ መርሆች ልዩነት በጉልህ የሚታየው በዚህ ቦታ ነው።

መርሁ ሁለት ገጽታ አለው። አዎንታዊው ገጽታ ጉባኤው መቃወሚያ ስለቀረበበት ብቻ ሥራውን አቁሞ ፍርድ ቤት እንዲጠብቅ አይገደድም፤ መቃወሚያውን ራሱ መርምሮ ሊወስን ይችላል የሚል ነው። ይህ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሕጎች ተቀባይነት አለው። አሉታዊው ገጽታ ደግሞ ጉባኤው እስኪወስን ድረስ ፍርድ ቤቶች እጃቸውን መሰብሰብ አለባቸው የሚል ነው፤ አገሮች የሚለያዩት በዚህኛው ላይ ነው።

ፈረንሳይ አሉታዊውን ገጽታ ከሁሉም አጥብቃ ይዛለች። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጓ አንቀጽ 1448 መሠረት፣ የግልግል ስምምነት ያለበት ጉዳይ የቀረበለት ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቀበልም፤ ልዩ ሁኔታው ጉባኤው ጉዳዩን ገና ያልያዘና ስምምነቱ ፈራሽነቱ ወይም ተፈጻሚ አለመሆኑ ገሃድ የሆነ እንደሆነ ብቻ ነው። ጀርመን በአንጻሩ፣ ጉባኤው ከመቋቋሙ በፊት ተከራካሪ ወገን ግልግሉ የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑን ፍርድ ቤት እንዲወስንለት ማመልከት እንደሚችል ትፈቅዳለች። ሞዴል ሕጉ መካከለኛውን መንገድ ይዟል። ሥልጣን የለም የሚል መቃወሚያ ከመከላከያ መልስ በኋላ መቅረብ አይችልም፤ ጉባኤው መቃወሚያውን እንደ መጀመሪያ ደረጃ ጥያቄ አይቶ ሥልጣን አለኝ ካለ፣ ቅር የተሰኘው ወገን በ30 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል፤ ማመልከቻው በመታየት ላይ ሳለም ጉባኤው ሥራውን መቀጠል ይችላል።

የእነዚህ ልዩነቶች መሠረት ሁለት ሥጋቶችን የማመዛዘን ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ቀድሞ ከገባ፣ ተከሳሽ ባዶ መቃወሚያ እያቀረበ ግልግሉን ለዓመታት ማጓተት ይችላል። ፍርድ ቤት ዘግይቶ ከገባ ደግሞ፣ ለግልግል ፈጽሞ ያልተስማማ ሰው ረጅምና ውድ ሙግት ውስጥ አልፎ ከብዙ ወጪ በኋላ ነው «ልክ ነበርህ» የሚባለው።

5. የመጨረሻው ቃል የማን ነው? የዳላህ ጉዳይ

በመጀመሪያ መናገር በመጨረሻ መናገር አይደለም። ይህን የሚያስገነዝበው የዳላህ ጉዳይ ነው። ዳላህ የተባለው የሳዑዲ ዓረቢያ ድርጅት እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1996 በመካ ለፓኪስታን ሐጃጆች ማረፊያ ለማዘጋጀት ውል ፈረመ። በሌላው ወገን ውሉን የፈረመው የፓኪስታን መንግሥት በድንጋጌ ያቋቋመው አደራ ድርጅት ነበር እንጂ መንግሥቱ ራሱ አልነበረም። ድንጋጌው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሳይታደስ ቀረ፤ አደራ ድርጅቱም ሕጋዊ ህልውናውን አጣ። ዳላህ መንግሥቱን ራሱን በመክሰስ ጉዳዩን መቀመጫው ፓሪስ ለሆነ የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ግልግል አቀረበ። መንግሥቱ የግልግል ስምምነቱ አካል አይደለሁም በማለት ከመጀመሪያው ተቃወመ።

ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2001 ሥልጣን እንዳለው ወሰነ፤ በ2006 ደግሞ ከ20 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ፈረደ። ዳላህ ፍርዱን እንግሊዝ አገር ለማስፈጸም ሲጠይቅ፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1958 የተደረገውን የኒውዮርክ ስምምነት አንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሀ) ጠቅሶ ተቃወመ፤ ይህም የግልግል ስምምነቱ በሚገዛው ሕግ፣ ያም ካልተመለከተ ፍርዱ በተሰጠበት አገር ሕግ የማይጸና ከሆነ አፈጻጸም ሊከለከል እንደሚችል የሚደነግገው ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 2010 በሰጠው ፍርድ፣ ጉባኤው ስለ ሥልጣኑ የሰጠው ውሳኔ በፍርድ ቤቱ ላይ አስገዳጅነት የለውም አለ። ስምምነት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ፍርድ ቤቱ ከመነሻው ራሱ መመርመር አለበት፤ የጉባኤው ምክንያቶች አሳማኝ እስከሆኑ ድረስ ሊረዱ ይችላሉ እንጂ ፍርድ ቤቱን አያስሩም። የፈረንሳይን ሕግ መሠረት አድርጎ ባደረገው ምርመራም መንግሥቱ የስምምነቱ አካል ለመሆን የጋራ ሐሳብ እንዳልነበረ ደመደመና አፈጻጸሙን ከለከለ።

ከሦስት ወር ተኩል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 2011፣ የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንኑ የፈረንሳይ ሕግ ተከትሎ ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። መንግሥቱ በድርድሩና በአፈጻጸሙ ጊዜ እንደ እውነተኛ ተዋዋይ ሆኖ ተንቀሳቅሷል በማለት ፍርዱን ለመሻር የቀረበውን ማመልከቻ ውድቅ አደረገው። አንድ ሕግ፣ አንድ ዓይነት ፍሬ ነገር፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርዶች። ሁለቱም ፍርድ ቤቶች ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ጉባኤው የመወሰን ሥልጣን ነበረው፤ ውሳኔው ግን የመጨረሻ አልነበረም። ልዩነታቸው የመጣው ከማስረጃው አመዛዘን ነው።

6. የኢትዮጵያ ሕግ የሄደበት መንገድ

የኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ ሁለቱን መርሆች ለይቶ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንኛውም በላይ ያሳያል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3330 ሦስት ነገሮችን ይደነግግ ነበር። የገላጋይ ዳኞችን ሥልጣን የሚመለከቱ የስምምነቱ ቃላት በጠባቡ ይተረጎማሉ፤ ገላጋይ ዳኛው ስለ ራሱ ሥልጣን በሚነሣ ክርክር ላይ እንዲወስን በስምምነቱ ሊፈቀድለት ይችላል፤ ሆኖም የግልግል ስምምነቱ የጸና ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እንዲወስን በምንም ሁኔታ ሊጠየቅ አይችልም።

ይህ ድንጋጌ ሲተነተን፣ በሥልጣን ላይ የመወሰን ሥልጣንን ለሁለት የከፈለ ነው። «ይህ ጭብጥ በስምምነቱ ውስጥ ይወድቃልን?» የሚለው ለገላጋይ ዳኛው ሊሰጥ ይችላል፤ ለዚያውም ተዋዋዮቹ ከፈቀዱ። «ስምምነቱ ራሱ የጸና ነውን?» የሚለው ግን ከእጁ ውጪ ነው። በተግባር ውጤቱ ከባድ ነበር። ግልግሉን ማስቆም የፈለገ ወገን መቃወሚያውን የወሰን ጥያቄ አድርጎ ከማቅረብ ይልቅ የመጽናት ጥያቄ አድርጎ ቢያቀርበው ጉዳዩን ከገላጋዩ እጅ ሊያወጣው የሚችልበት በር ተከፍቶለት ነበር። እዚህ ላይ ተነጣይነት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። አንቀጹ ከዋናው ውል የተለየ ነው ብንል እንኳ፣ ተከራካሪው ክሱን በቀጥታ ወደ አንቀጹ ካዞረው ገላጋዩ አፉ ይያዛል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ይህን ሁኔታ ለወጠው። አዋጁ የጸና የግልግል ስምምነት መኖር አለመኖሩን ጨምሮ ጉባኤው ስለ ሥልጣኑ እንዲወስን ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ለዚሁም ዓላማ የግልግል አንቀጹ ራሱን እንደ ቻለ ስምምነት እንዲቆጠር አድርጓል። በዚህም ረገድ የሞዴል ሕጉን ፈለግ ተከትሏል። አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ አገሪቱ የኒውዮርክ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች። ሁለቱ አዋጆች አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ጉባኤው በመጀመሪያ እንዲናገር ሲፈቅዱ ፍርድ ቤት ደግሞ በመቃወምና በአፈጻጸም ደረጃ የመቆጣጠር ሚናውን ይዞ እንዲቆይ አድርገዋል።

ከዚህ ለውጥ በፊት መርሁ በአዲስ አበባ የተፈተነበት አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ተቋራጭ በአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ላይ ባቀረበው የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ግልግል ቁጥር 10623፣ የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ ነበር። ተከሳሹ ወገን የተስማማነው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ለሚካሄድ ግልግል እንጂ ለንግድ ምክር ቤቱ አይደለም ሲል ተቃወመ፤ የመቀመጫው ፍርድ ቤቶችም ግልግሉ እንዲቆም እግድ ሰጡ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 2001 በሰጠው ውሳኔ እግዶቹን አክብሮ ከማቆም ይልቅ ሥራውን ቀጠለ፤ ሥልጣንም እንዳለው ወሰነ። ምክንያቱ የጉባኤው ሥልጣን የሚመነጨው ከተዋዋዮቹ ስምምነት ስለሆነ የመቀመጫው አገር ፍርድ ቤቶች አካል አይደለም፤ መንግሥትም ሆነ የመንግሥት አካል በገዛ ፍርድ ቤቶቹ አማካይነት ከገባበት የግልግል ስምምነት መውጣት አይችልም የሚል ነበር።

ውሳኔው በጸሐፍት ዘንድ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አከራካሪነቱም ከዚህ ጽሑፍ ነጥብ ጋር ይያያዛል። ከላይ እንደተባለው፣ ጉባኤው ስምምነት ሳይኖር እንኳ ስለ ሥልጣኑ እንዲወስን የሚያስችለው የመቀመጫው ሕግ ከሆነ፣ የዚያኑ መቀመጫ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ጎን ማድረግ የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ እንደ መቁረጥ ይሆናል። የሥልጣኑ ምንጭ ከማንም አገር ሕግ ውጪ የሆነ የተዋዋዮች ፈቃድ ነው ከተባለ ደግሞ፣ ፈቃዱ መኖሩ ራሱ በሚያከራክርበት ጊዜ ጉባኤው የቆመበት መሬት ምን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። እኔ የማዘነብለው ወደ መጀመሪያው አመለካከት ነው፤ ዳላህ እንደሚያሳየው የጉባኤው ቃል ከፍርድ ቤት ቁጥጥር ነጻ በሆነበት ቦታ ሁሉ ያልተስማማ ሰው መከላከያ ያጣል። የሳሊኒ ጉባኤ ያየው ሥጋት ግን እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱም ቁጥጥሩን ማስቀረት ሳይሆን፣ ጊዜውን ከጉባኤው ውሳኔ በኋላ ማድረግ ነው።

7. ሦስቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል

የተባለውን በአንድ ምናባዊ ጉዳይ እንፈትነው። አንድ የኢትዮጵያ ቡና ላኪ ከአንድ የአውሮፓ ገዢ ጋር ውል አለው እንበል፤ በውሉም ውስጥ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነ የግልግል አንቀጽ አለ። ገዢው ሲከሰስ «ውሉ ፈራሽ ነው» ይላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ክሱ የተነጣጠረው ወዴት ነው የሚለው ነው። ገዢው ስለ ቡናው ደረጃ ተታልያለሁ ካለ፣ ክሱ ዋናውን ውል ብቻ ይነካል፤ የግልግል ስምምነቱ ጸንቶ ጉባኤው ስለ መታለሉ ይወስናል፤ ይህ የፊዮና ትረስት መንገድ ነው። ፊርማው የእኔ አይደለም ወይም ቦርዳችን እስኪያጸድቀው ድረስ እንዳንገደድ ተስማምተን ነበር ካለ፣ ክሱ ሁለቱንም ስምምነቶች ይነካል፤ ይህ የኒውካስል ኤክስፕረስ መንገድ ነው፤ ተነጣይነትም እዚህ ለላኪው አይደርስለትም።

ሁለተኛው ጥያቄ በመጀመሪያ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት በሁለቱም ሁኔታ ጉባኤው መወሰን ይችላል። በቀድሞው ቁጥር 3330 ቢሆን ኖሮ መልሱ በሁለቱ መካከል ይለያይ ነበር፤ የፊርማው ክርክር የግልግል ስምምነቱን መጽናት ስለሚነካ ከገላጋዩ እጅ ይወጣ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ በመጨረሻ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። የጉባኤው ውሳኔ ስለ መታለሉ ከሆነ የፍሬ ነገር ውሳኔ ነው፤ ፍርድ ቤት በአፈጻጸም ደረጃ ደግሞ አይመረምረውም። ስለ ፊርማው ከሆነ ግን የሥልጣን ውሳኔ ነው፤ አፈጻጸም የተጠየቀበት አገር ፍርድ ቤት እንደ ዳላህ ከመነሻው ሊመረምረው ይችላል። ላኪው ያሸነፈበትን ፍርድ ይዞ ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት ሊያረጋግጠው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ የገዢውን መስማማት የሚያሳዩ የመልእክት ልውውጦች፣ የውክልና ሰነዶችና የአፈጻጸም ማስረጃዎች በጉባኤው ፊት ብቻ ሳይሆን ነገ በማያውቀው ፍርድ ቤት ፊትም አሳማኝ ሆነው ሊቆሙለት ይገባል።

ሦስቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ሁለት ስሕተቶች ይከተላሉ። አንዳንዱ አንቀጹ ተነጣይ ስለሆነ ስምምነት አለ ይላል፤ ያልተወለደውን በመርህ ሊያስወልድ ይሞክራል። ሌላው ደግሞ ጉባኤው ስለ ሥልጣኑ መወሰን ስለሚችል ውሳኔው የመጨረሻ ነው ይላል፤ የመጀመሪያውን ቃል ከመጨረሻው ያምታታል። ከሁለቱም የሚያድነው ክሱ የሚነካውን ስምምነት፣ የሚወስነውን አካልና የሚወሰንበትን ደረጃ በየተራ መጠየቅ ነው።